ጎበዟ ሠራተኛ ስታረፍድ

በአንድ የዲዛይን ቢሮ ሥራ የሚጀመረው ከጠዋቱ 2:30 ነው እንበል። ከሁሉም የምትልቀው ዲዛይነር ግን በተደጋጋሚ ከ3:00 በኋላ ትገባለች። አለቃዋ በስብሰባ መሃል ቢያነሳው ታፍራለች፤ ዝም ቢል ደግሞ በሰዓቱ የሚገቡት ባልደረቦቿ ቅር ይላቸዋል።

የሚሻለው በዚያው ቀን ለብቻዋ ጠርቶ ያየውን ብቻ መናገር ነው፦ «ሰኞ፣ ረቡዕና ዛሬ ከ3:00 በኋላ ገባሽ። ማተሚያ ቤቱም ፋይሉን ሲጠብቅ ቆየ። ምን ገጥሞሽ ነው?» «ሁልጊዜ» ወይም «ግዴለሽ ነሽ» ካለ ወሬው ወደ ክርክር ይዞራል። ከጠየቀ በኋላ ሳያቋርጥ ያዳምጣት።

ምክንያቱ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ ከሆነ፣ መግቢያዋን 3:00 አድርጎ መውጫዋን በዚያው ልክ ማዘግየት ይቻላል። በሰዓቱ ከተስማሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ አብረው ይገምግሙት። ያኔም ካልተሻሻለ፣ ቀጣዩ እርምጃ ምን እንደሆነ በግልጽ ይንገራት፤ ድንገት የሚመጣ ቅጣት እምነትን ያፈርሳልና።