የሚዋዥቅ ፈንክሽን በሁለት መስመሮች መሃል

ሳይን ምንም ያህል ትልቅ ቁጥር ቢሰጠው መልሱ ከ1 በላይ አይወጣም፣ ከ-1 በታችም አይወርድም። በ`sin(1/x)` ውስጥ x ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር 1/x እየገዘፈ ስለሚሄድ፣ ሳይኑ በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል መመላለሱን እያፋጠነው ይሄዳል። x 0.637 ገደማ ሲሆን ዋጋው 1 ነው፤ 0.212 ላይ -1፣ 0.127 ላይ እንደገና 1፣ 0.091 ላይ እንደገና -1 ይሆናል። ግራፉን በእርሳስ ልሳል ያለ ሰው ዜሮ ጋ ሳይደርስ መስመሮቹ ተደራርበው ወረቀቱን ያጠቁሩበታል። በዜሮ አጠገብ የቱንም ያህል ጠባብ ስፍራ ቢመረጥ 1ም -1ም በውስጡ ቁጥር ስፍር የሌለው ጊዜ ይገኛሉ። ስለዚህ `sin(1/x)` ዜሮ ላይ ሊሚት የለውም።

ይኸው ፈንክሽን በx ሲባዛ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማዕዘኑ በራዲያን ተወስዶ ሲሰላ፣ x = 0.1 ሲሆን ሳይኑ -0.544 ነው፤ `x·sin(1/x)` ደግሞ -0.0544። x = 0.01 ሲሆን ብዜቱ -0.00506፣ x = 0.001 ሲሆን 0.000827 ይወጣል። ምልክቱ ይቀያየራል፣ መጠኑ ግን እየኮሰመነ ነው።

እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ያመለክታል እንጂ አያረጋግጥም። አንድ ሰው ለ`sin(1/x)` የሚመርጣቸው ነጥቦች 1/π፣ 1/(2π)፣ 1/(3π) ቢሆኑ መልሱ ሁልጊዜ ዜሮ ይሆንበትና የሌለውን ሊሚት አገኘሁ ይላል። «የብዜት ሊሚት የሊሚቶች ብዜት ነው» የሚለው ሕግም እዚህ አይሠራም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ሁለቱም ተባዦች ሊሚት እንዲኖራቸው ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው» ብለው ያልፉታል። መልሱ ቢገጥምም መንገዱ ስህተት ነው፤ x ዜሮን ይጠጋል እንጂ ዜሮ አይሆንምና።

ትክክለኛው መንገድ ስኩዊዝ ቴረም ነው። ጣሊያኖች «የሁለቱ ካራቢኒየሪ ቴረም» ይሉታል፦ ሁለት ፖሊሶች አንድን እስረኛ ግራና ቀኝ ይዘው ወደ አንድ ጣቢያ ከገቡ፣ እስረኛው በመንገድ ላይ ምንም ቢንገዳገድ እዚያው ጣቢያ ይደርሳል። ምሳሌው ለዚህ ፈንክሽን በልኩ የተሰፋ ነው። የሳይን ፍጹም ዋጋ ከ1 ስለማይበልጥ፣ x ዜሮ እስካልሆነ ድረስ

```
|x·sin(1/x)| = |x|·|sin(1/x)| ≤ |x|
```

ይሆናል። ይህ ማለት ብዜቱ ምንጊዜም በ`-|x|` እና በ`|x|` መካከል ነው። እነዚህ ሁለቱ፣ ፖሊሶቹ፣ x ዜሮን ሲጠጋ ሁለቱም ወደ ዜሮ ይሄዳሉ፤ መሃል ያለው ሌላ መሄጃ የለውም። ብዜቱ ከዜሮ ከ0.001 በላይ እንዳይርቅ የሚፈልግ ሰው ሊያደርግ የሚገባው የxን ፍጹም ዋጋ ከ0.001 በታች ማድረግ ብቻ ነው። ሳይኑ በዚያች ቅጽበት የት እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም፤ የማረጋገጫው ውበትም እዚህ ላይ ነው።

ፍጹም ዋጋው ለጌጥ አልገባም። `-1 ≤ sin(1/x) ≤ 1` የሚለውን በቀጥታ በx አባዝቶ `-x ≤ x·sin(1/x) ≤ x` ብሎ መጻፍ በፈተና ወረቀት ላይ የተለመደ ስህተት ነው። x አሉታዊ ሲሆን የእኩል አለመሆን ምልክቱ ይገለበጣል። በx = -0.1 ቢሞከር ዓረፍተ ነገሩ 0.1 ከ-0.1 ያንሳል ወደሚል ከንቱ ነገር ያመራል። `|x|` ከተጻፈ ግን አንዱ መስመር ለግራውም ለቀኙም ይበቃል።

ቴረሙ የቆመው በሁለት እግሮች ነው፤ አንዱ ተባዥ ወሰን ሊኖረው፣ ሌላው ወደ ዜሮ ሊሄድ ይገባል። ወሰኑ ሲጠፋ የሚሆነው በ`(1/x)·sin(1/x)` ይታያል። ይህ እየተዋዠቀ ያለ ልክ ያድጋል፤ በx ሲባዛ x ከ1/x ጋር ይጣፋና `sin(1/x)` ብቻውን ይቀራል፣ ሊሚቱም አይኖርም። ሁለተኛው እግር ሲጎድል ደግሞ `(1+x)·sin(1/x)` ምሳሌ ይሆናል። ዜሮ አጠገብ አጥሮቹ `-(1+x)` እና `1+x` ናቸው፤ አንዱ ወደ -1፣ ሌላው ወደ 1 ስለሚሄድ ሁለቱ ፖሊሶች ወደ ተለያየ ጣቢያ አመሩ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቴረሙ ራሱ ምንም አይናገርም፤ ሊሚቱ አለመኖሩ በሌላ መንገድ፣ ሳይኑ 1 እና -1 የሚሆንባቸውን ነጥቦች ለየብቻ በመከተል ይታያል።

ያው `x·sin(1/x)` እንኳ x ወደ ዜሮ ሳይሆን ያለ ገደብ ወደ ትልቅ ቁጥር ሲሄድ ሌላ መልስ ይሰጣል። ሳይኑ አሁንም ወሰን አለው፣ x ግን አይከስምም። 1/x በጣም ትንሽ በሚሆንበት በዚያ ሥፍራ ሳይኑ ከ1/x ጋር ሊተካከል ስለሚቃረብ ሊሚቱ 1 ነው። x = 10 ላይ ብዜቱ 0.998 ደርሷል።