ሁለት ጊዜ የሚመጣው ከሌሊቱ 1፡30

እሑድ ኖቬምበር 1 ቀን 2026፣ ማለትም ጥቅምት 22 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በኒውዮርክና በዋሽንግተን ዲሲ ከሌሊቱ 1፡30 ሁለት ጊዜ ይመጣል። ሰዓቱ 1፡59 ላይ ደርሶ 2፡00 በማለት ፈንታ ወደ 1፡00 ይመለሳል፣ ያለፈውም አንድ ሰዓት እንደ አዲስ ይቆጠራል። ለተኛ ሰው ነገሩ የአንድ ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ቀን ከሌሊቱ 1፡30 ላይ የደንበኞችን ወርኃዊ ክፍያ እንዲቆርጥ ለታዘዘ ሰርቨር ግን ትእዛዙ ላይ የተጻፈው ሰዓት ሁለቴ ደረሰ ማለት ነው። መሣሪያው ይህን ካላወቀ፣ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ሰዓት የሚጠቀሰው በዚያው አገር አቆጣጠር ነው፤ የአዲስ አበባው በኢትዮጵያ አቆጣጠር።

ምክንያቱ ዴይላይት ሴቪንግ የሚባለው የሰዓት ለውጥ ነው። ከ2007 ጀምሮ አብዛኛው የአሜሪካ ክፍል በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ ወደኋላ ይመልሳል። በማርች የሚሆነው የኖቬምበር ተቃራኒ ነው። ሰዓቱ ከ1፡59 በቀጥታ ወደ 3፡00 ስለሚዘል፣ በዚያ ሌሊት 2፡30 የሚባል ሰዓት ጨርሶ የለም። አንዱ ቀን 23 ሰዓት፣ ሌላው 25 ሰዓት ይሆናል።

ኢትዮጵያ ሰዓቷን ስለማትቀይር ችግሩ የሩቅ ሊመስል ይችላል። ሆኖም አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአሜሪካ ድርጅት የሚሠሩ ባለሙያዎች በየዓመቱ ያገኙታል። በክረምታቸው በአዲስ አበባና በኒውዮርክ መካከል ያለው ልዩነት 8 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው 7 ይሆናል። ስለዚህ በኒውዮርክ ሰዓት 1፡30 የተቀጠረ ሪፖርት አንዳንዴ ጠዋት 3፡30፣ አንዳንዴ 2፡30 ላይ ይደርሳቸዋል። በኖቬምበሩ ሌሊት ደግሞ በሁለቱም ሰዓት ሊመጣ ይችላል።

ኮምፒውተሮች በሰዓት የተቀጠረ ሥራ የሚጀምሩበት የታወቀው መሣሪያ ክሮን ይባላል። ክሮን በየደቂቃው እየነቃ የሰርቨሩን ሰዓት ከተሰጠው ሰንጠረዥ ጋር ያመሳክራል፤ ከተገጣጠሙ ሥራውን ያስነሳል። የወርኃዊው ክፍያ ትእዛዝ ይህን ይመስላል፦

```
30 1 1 * *  /opt/billing/charge.sh
```

ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ደቂቃ፣ ሰዓትና የወሩ ቀን ናቸው፤ ኮከቦቹ ደግሞ «ወሩና የሳምንቱ ቀን ማንኛውም ይሁን» ይላሉ። በመስመሩ ውስጥ ስለ ሰዓት ቀጠና አንድም ቃል የለም። የትኛው 1፡30 እንደሆነም አይናገርም። ዓለም አቀፍ መለኪያ በሆነውና ፈጽሞ በማይለዋወጠው ዩቲሲ ሲታይ፣ የኖቬምበር 1 የመጀመሪያው 1፡30 የሚውለው 05፡30 ላይ፣ ሁለተኛው 06፡30 ላይ ነው። በዩቲሲ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ አንድ ስም የሰጣቸው የኒውዮርክ ግድግዳ ሰዓት ነው።

ሁለቴ የተሠራ ሥራ ቢያንስ ይታወቃል፤ ደንበኛ ስልክ ይደውላል። ያልተሠራው ግን ድምፅ የለውም። በየሌሊቱ 2፡30 ላይ የዳታቤዝ ቅጂ እንዲወስድ የታዘዘ ሥራ በማርች 8 ቀን 2026 ሰዓቱ ስለሌለ ሊዘለል ይችላል። ሥራው ስላልጀመረ አልተሳካም የሚል የስሕተት መልእክት አይኖርም። በመዝገቡ ላይ የሚታየው ከቅዳሜ ወደ ሰኞ የዘለለ ቀን ብቻ ነው፤ ያንንም የሚያየው ሆን ብሎ የፈለገ ሰው ነው። ከዚህ የባሰው፣ የእሑዱ ቅጂ የሚፈለግበት ቀን ድንገት ሲመጣ ነው።

ሁሉም መሣሪያ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ያለው ክሮን ከሦስት ሰዓት ያነሰ ለውጥ ሲያይ ያስተካክላል፤ የተዘለለውን ሥራ ወዲያው ይሠራዋል፣ የተደገመውን አይደግመውም። ይህ የሚያገለግለው ቁርጥ ያለ ሰዓትና ደቂቃ ለተሰጠው ሥራ እንጂ በቦታቸው ኮከብ ላለበት አይደለም። በጎ ቋንቋ ለሚጻፉ ፕሮግራሞች በሰፊው የሚሠራበት robfig/cron ደግሞ በተዘለለው ሰዓት የተቀጠረ ሥራ እንደማይሠራ በመመሪያው ላይ አስጠንቅቋል። አንድ ድርጅት ሥራውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውር የትእዛዙ መስመር ሳይለወጥ ውጤቱ ይለወጣል። ለውጡ የሚገለጠውም ከወራት በኋላ፣ በማርች ነው።

ብዙዎች «ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ምንም አትቅጠር» የሚል ምክር ይሰጣሉ። ለአሜሪካ ጥሩ ምክር ነው። ለግብፅ ግን አይሠራም። ግብፅ በ2023 የሰዓት ለውጡን መልሳ ስታመጣ የተዘለለው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት እስከ 1፡00 ያለው ሆነ፤ ለውጡም በኤፕሪል የመጨረሻ ዓርብ ነው። የብዙ ድርጅት የቀን መዝጊያ ሥራ የሚቀጠረው ደግሞ በትክክል በእኩለ ሌሊት ነው።

ደንቡን የሚያወጣው መንግሥት ስለሆነ በድንገት ሊለወጥም ይችላል። በማርች 2023 የሊባኖስ መንግሥት ሰዓት ሊቀየር ሁለት ቀን ሲቀረው ለውጡን እስከ ረመዳን መጨረሻ አራዘመ። የማሮናዊት ቤተ ክርስቲያንና አንዳንድ የዜና ተቋማት ውሳኔውን አንቀበልም አሉ፤ ለጥቂት ቀናት በአንዲት አገር ሁለት ሰዓት ተቆጠረ። መንግሥት በማርች 27 ውሳኔውን ሻረ። ኮምፒውተሮች የዓለምን የሰዓት ደንብ የሚያነቡበት tzdata የተባለው ዝርዝርም በዚያው ሳምንት በ2023b ተለውጦ በ2023c ተመለሰ። በመካከሉ ያሻሻለና ያላሻሻለ ሰርቨር የተለያየ ሰዓት አሳዩ።

መፍትሔው የሚጀምረው ሥራው በእርግጥ ከሰው ሰዓት ጋር የተያያዘ መሆኑን በመለየት ነው። የዳታቤዝ ቅጂ በስንት ሰዓት እንደተወሰደ ማንም አይጨነቅም፤ ስለዚህ በዩቲሲ ቢቀጠር መዝለልም መደገምም አይኖርም። የቢሮ መክፈቻ ላይ መድረስ ያለበት ሪፖርት በዩቲሲ ቢቀጠር ግን ከለውጡ በኋላ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። እንዲህ ያለው America/New_York በሚል የቀጠና ስም ይቀጠራል፤ «ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደኋላ» ተብሎ በቁጥር ከታሰረ የበጋውን ለውጥ አያውቅም።

ገንዘብ የሚነካ ሥራ ላይ ደግሞ ሰዓቱን ብቻ ማመን አይበቃም። ክፍያው ሲቆረጥ የደንበኛው መለያና «2026-11» የሚለው ወር በዳታቤዙ ውስጥ አንድ ላይ ይመዘገባሉ፤ ዳታቤዙም አንዱን ጥምረት ሁለቴ እንዳይቀበል ይደረጋል። በሁለተኛው 1፡30 የተነሳው ሥራ ምዝገባው ውድቅ ሲደረግበት ገንዘብ ሳይነካ ይቆማል። ለሚዘለለው ሥራ የሚበጀው ተቃራኒው ነው፤ የመጨረሻው የተሳካ ሥራ ከ26 ሰዓት በላይ ካለፈው ሌላ ሰርቨር ለባለሙያው ስልክ መልእክት እንዲልክ ይደረጋል። 26 የተባለው የ25 ሰዓቱ ቀን በከንቱ እንዳያስደነግጥ ነው።

አንድ ሰርቨር ስለ መጪው ለውጥ የሚያውቀውን ለማየት በሊኑክስ ላይ ይህ ይበቃል፦

```
zdump -v America/New_York | grep 2026
```

የሚወጡት አራት መስመሮች የማርችና የኖቬምበር ለውጥ ከመድረሱ አንድ ሰከንድ በፊትና ለውጡ በሆነበት ቅጽበት ያለውን ሰዓት በዩቲሲና በኒውዮርክ ያሳያሉ። ያን ይዞ የክሮኑን ሰንጠረዥ ሲያነብ፣ ባለሙያው በየትኛው ሌሊት የትኛው ሥራ እንደሚዘለል ወይም እንደሚደገም አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማስፈር ይችላል።