የኪራይ ደብዳቤው የዘለለው ሒሳብ

የሱቅ ኪራይ ውል ማደሻ ሲደርስ ከየሕንፃው የሚሰማው ምሬት አንድ ነው፤ የሚጻፈው ደብዳቤም እንዲሁ። ሰሞኑን መገናኛ አካባቢ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የሚሸጥ ወዳጄ ረቂቁን አሳየኝ። «ገበያው ቀዝቅዟል፣ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ፣ ከ40 ሺህ ወደ 60 ሺህ ብር የሚያድገውን ኪራይ ቢያዘገዩልኝ ወይም ቢቀንሱልኝ» ይላል። የአዋጅ ከለላ የለውም። የኪራይ ጭማሪን የሚገድበው አዋጅ 1320/2016 ለመኖሪያ ቤት እንጂ ለሱቅ አይደለም።

አከራዩ ምክንያታቸው ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ወርዷልና ኪራይም ይውጣ ነው የሚሉት፤ ስንቱ ተንታኝም ይህንኑ ያስተጋባል። ሕንፃው ግን የተሠራው ከዚያ በፊት በነበረው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ነው። የዋጋ ግሽበት ቁጥሩም የቤተሰብን ፍጆታ ይለካል እንጂ የሱቅ ኪራይን አይለካም። ኪራይን የሚወስነው ያለፈ ወጪ ሳይሆን፣ ይህ ተከራይ ቢወጣ ቀጣዩ ስንት ይከፍላል፣ እሱ እስኪገኝስ ሱቁ ስንት ወር ተዘግቶ ይከርማል የሚለው ነው።

ወዳጄ ቢወጣና ሱቁ ሁለት ወር ቢዘጋ፣ አከራዩ በ60 ሺህ የሚያገኙት የአሥር ወር ኪራይ ብቻ ነው፤ 600 ሺህ ብር። ወዳጄ በ50 ሺህ ቢቆይም ዓመቱ ያው 600 ሺህ ነው፤ ያውም የደላላ ክፍያ ሳይነሳ። ጭማሪው ቀስ በቀስ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ስድስት ወር በ45 ሺህ፣ ስድስት ወር በ55 ሺህ ቢከፈል ድምሩ አይለወጥም። አከራይ የሚፈራው ግን የዘንድሮውን ብቻ አይደለም፤ የከርሞው ድርድር ከዝቅተኛው ዋጋ እንዳይነሳ ጭምር ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የሁለተኛውን ዓመት ኪራይ በቁጥር መጥራት አለበት። ወዳጄ ይህን ትቶ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት አንድ አንቀጽ ጽፎ ነበር፤ አስወጣሁት።

ሒሳቡ የሚሠራው ሱቁ በእርግጥ ባዶ የሚከርም ከሆነ ነው። ይህን ለማወቅ ፎቁን መዞር ይበቃል። ወዳጄ ከጎኑ ሦስት ሱቆች ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ቆጠረ፤ አንዱ ወረቀት በፀሐይ ነጥቷል። መርካቶ ውስጥ ተረኛ በተሰለፈበት መደዳ ግን ይህ ደብዳቤ ዋጋ የለውም።

ሌላም አለ። ለግብር ሲባል ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ኪራይ የጻፉ ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለ ተከራይ ትክክለኛውን ቁጥር በፊርማው ቢጽፍ አከራዩ እንደ ማስፈራሪያ ያዩታል፤ እሱም ከጥፋቱ አያመልጥም። የወዳጄ ውል ንጹሕ ነበርና ጽፎ ሰጠ። አከራዩ የ45 እና የ55 ሺሁን ተቀበሉ፤ የመጀመሪያውን ስድስት ወር በቅድሚያ ይከፈለኝ ብለው። 270 ሺህ ብሩን ከዕቃ ማምጫው ላይ አንስቶ ከፈለ፤ ለበዓሉ መደርደሪያው ግማሽ ባዶ ነው።