የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይታደስ፣ የትኛው ይሰረዝ?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ጊዝሞዶ የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ብዙዎችን ያነጋገረ ዜና አወጣ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ ሲጽፍ የኖረው ሲኔት በሺዎች የሚቆጠሩ የቆዩ ጽሑፎቹን እየሰረዘ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ አሮጌው ሲቀነስ ጎግል ድረ ገጹን ትኩስ አድርጎ ያየዋል፣ በፍለጋ ውጤትም ከፍ ያደርገዋል የሚል ነበር። ጎግል ግን ይህን አልተቀበለውም። ጽሑፍን አሮጌ ስለሆነ ብቻ መሰረዝ እንደማይጠቅም፣ የቆየ ገጽም ለአንባቢ የሚረባ ሊሆን እንደሚችል በይፋ አስታወቀ።

ከዚህ በተቃራኒ የሄደ ድርጅትም አለ። ሀብስፖት የተባለው የአሜሪካ የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ከወርኃዊ ንባቡ 76 በመቶው የሚመጣው ቀደም ባሉት ወራትና ዓመታት ከተጻፉ ጽሑፎች መሆኑን ገለጸ። ስለዚህ አሮጌዎቹን ከመሰረዝ ይልቅ እየመረጠ አደሳቸው። የታደሱት ጽሑፎች ከፍለጋ የሚያገኙት ንባብ በአማካይ ከእጥፍ በላይ አደገ።

መቶ ያህል ጽሑፍ ያለው ድረ ገጽ ባለቤት ከእነዚህ ሁለት ድርጅቶች የተሻለ ዕድል አለው። ሺዎችን በጅምላ መለየት ለስሕተት ያጋልጣል፤ መቶ ጽሑፍ ግን አንድ ሰው በትዕግሥት ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ሊያነበው ይችላል። በሙያው የይዘት ኦዲት የሚባለው ሥራ ይኸው ነው። እያንዳንዱን ጽሑፍ በዝርዝር መዝግቦ፣ ማስረጃ ሰብስቦና አንብቦ መቆየቱን፣ መታደሱን ወይም መሰረዙን መወሰን።

ሥራው የሚጀምረው ከዝርዝሩ ነው፤ የመጀመሪያው ወጥመድም እዚያው ይጠብቃል። ብዙዎች ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ የሚሰጠውን ሰርች ኮንሶል ከፍተው የገጾቹን ሰንጠረዥ በማውረድ ይጀምራሉ። ያ ሰንጠረዥ ግን የሚያሳየው ቢያንስ አንድ ጊዜ በፍለጋ ውጤት ላይ ብቅ ያሉ ገጾችን ብቻ ነው። ማንም ያላያቸው፣ ከሁሉ በላይ ምርመራ የሚሹት ገጾች ከነጭራሹ አይገኙበትም። ሙሉው ዝርዝር መወሰድ ያለበት ከድረ ገጹ ከራሱ ነው። አብዛኞቹ ድረ ገጾች `sitemap.xml` የሚባል የገጾች ማውጫ አላቸው፤ ዎርድፕረስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ `wp-sitemap.xml` በሚል ስም ራሱ ያዘጋጃል። መቶዎቹ አድራሻዎች ከዚያ ተገልብጠው በኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ ይሰፍራሉ። የሰርች ኮንሶሉ ቁጥር ከጎናቸው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ከቁጥሮቹ ሦስት ይበቃሉ። ገጹ በፍለጋ ውጤት ላይ ስንት ጊዜ ታየ? ስንት ሰው ጠቅ አድርጎ ገባ? በአማካይ ስንተኛ ደረጃ ላይ ወጣ? ሰርች ኮንሶል የ16 ወር መረጃ ስለሚይዝ የ12 ወሩን መውሰድ ይገባል። የሦስት ወር መረጃ ብቻ የሚያይ ሰው ወቅት ጠብቀው የሚነበቡ ጽሑፎችን የሞቱ አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል። ስለ ዲቪ አሞላል የተጻፈ ጽሑፍ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ይከርምና ማመልከቻው ሲከፈት በአንድ ወር ውስጥ ከሁሉም በላይ ይነበባል።

ሐሳቡ በምሳሌ ግልጽ ይሆናል። በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአማርኛ መረጃ የሚሰጥ፣ መቶ ጽሑፎች ያሉት አንድ ድረ ገጽ አለ እንበል። ገንዘብ ስለ መላክ፣ ስለ ውክልና፣ ስለ ፓስፖርት እድሳትና ስለ ዲቪ ይጽፋል። ከዚህ በታች ያሉት የድረ ገጹ ቁጥሮች ለማስረዳት የተሰጡ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ሥርጭት ግን በብዙ ድረ ገጾች ላይ የሚታይ ነው።

ሰንጠረዡ በጠቅታ ብዛት ሲደረደር አሥራ ሁለቱ ጽሑፎች አብዛኛውን አንባቢ ሲያመጡ ይታያሉ። እነዚህ ይቆያሉ። የሚነበቡት ስሕተት እንዳይኖርባቸው እንጂ ለሌላ አይደለም። በሰንጠረዡ ግርጌ ደግሞ አንድም ጊዜ ያልታዩ ዘጠኝ ጽሑፎች አሉ። እዚህ ላይ እጅ ቶሎ ወደ ስረዛ ይሄዳል፤ ከመሰረዝ በፊት ግን የእያንዳንዱን አድራሻ በሰርች ኮንሶል የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ጎግል ገጹን ያውቀው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ከዘጠኙ ሦስቱ ላይ `noindex` የሚል ትእዛዝ ተገኘ እንበል፤ አንድ ሰው በስሕተት ምልክት አድርጎባቸው ከፍለጋ ውጭ ሆነው ኖረዋል። ጽሑፎቹ ጥሩ ናቸው፤ ምልክቱን ማንሣት ይበቃቸዋል።

ብዙው ትርፍ ያለው መሐል ላይ ነው። በፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚታዩ፣ ነገር ግን 8ኛ እና 20ኛ ደረጃ መካከል ተቀምጠው ጠቅ የሚያደርጋቸው ያጡ ጽሑፎች እዚያ ይገኛሉ። ጎግል ለጥያቄው ያህል አግባብ እንዳላቸው ተቀብሏል፤ የተሻለ መልስ ግን ሌላ ቦታ አግኝቷል። ስለዚህ አዘጋጁ ጽሑፉንና ከላይ የወጡትን ሦስት ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ ያነባል፤ አንባቢው የጠየቀውንና ጽሑፉ ሳይመልስ ያለፈውንም ይፈልጋል።

በምሳሌው ድረ ገጽ ላይ ገንዘብ ስለ መላክ የተጻፉ ሦስት ጽሑፎች በዚሁ መሐል ተገኙ። አንደኛው 14ኛ፣ ሁለተኛው 17ኛ፣ ሦስተኛው 20ኛ ደረጃ ላይ ናቸው። ሰዎች የሚፈልጉባቸው ቃላት ሲታዩ ገሚሱ «ሐዋላ» ገሚሱ «ሀዋላ» ብሎ ይጽፋል፤ ጽሑፎቹም በተለያየ ፊደል የተጻፉ ናቸው። በአማርኛ ድረ ገጾች ይህ በቀላሉ ይከሰታል። በሰንጠረዡ ላይ «ሐዋላ» ብሎ የሚፈልግ አዘጋጅ «ሀዋላ» የሚለውን ርዕስ አያገኘውምና ተመሳሳዮቹ ተራርቀው ይኖራሉ። አንድ ጥያቄ ለሦስት ደካማ ገጾች ሲከፋፈል አንዱም ሙሉ መልስ አይሆንም። መፍትሔው ማዋሐድ ነው። ከሌሎች ድረ ገጾች ብዙ ሊንክ ያገኘው ገጽ ይመረጣል፤ የሁለቱ ጠቃሚ ክፍሎች ወደ እርሱ ይገባሉ፤ የቀሩት አድራሻዎች ደግሞ ወደ እርሱ እንዲመሩ ይደረጋል።

ሦስቱም ላይ ሌላ ችግር አለ። የተጻፉት ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ነው። ያኔ የአንድ ዶላር የባንክ ምንዛሪ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በአሮጌው ዋጋ የተሠራ ስሌት የያዘ ጽሑፍ አንባቢውን ያሳስታል። የማደስ ሥራ ማለት እንዲህ ያለውን ማረም ነው፤ ቀኑን ብቻ ለውጦ ትኩስ ማስመሰል ጎግልም የሚያስጠነቅቅበት አንባቢንም የሚጎዳ አሠራር ነው። ዓመተ ምሕረቱም በግልጽ መጻፍ አለበት። «በ2016 የወጣ መመሪያ» የሚለው ሐረግ ውጭ አገር ላለ አንባቢ ስምንት ዓመት የሚያሳስት ሊሆን ይችላል። አድራሻው ግን እንደነበረ ይቆያል፤ በቆየባቸው ዓመታት ያገኘው ሊንክና ቦታ ከአድራሻው ጋር የተያያዘ ነውና።

ጥቂት ሰው ብቻ የሚያነባቸው፣ ሆኖም መሰረዝ የሌለባቸው ጽሑፎችም አሉ። በምሳሌው ድረ ገጽ ላይ በውጭ አገር የሞተ ሰውን አስከሬን ወደ አገር ቤት ስለ መላክ የሚያስረዳ ጽሑፍ በዓመት ሠላሳ ጊዜ ብቻ ይከፈታል። ለሠላሳዎቹ ግን በአማርኛ ሌላ ቦታ የሚያገኙት አይሆንም። ይህን ቁጥሩ አያሳይም፤ የሚያሳየው ማንበብ ነው። ሰርች ኮንሶል የሚቆጥረው ከጎግል ፍለጋ የመጡትን ብቻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ጽሑፍ በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ባዶ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ድረ ገጹ የራሱ የጎብኚዎች ቆጣሪ ካለው የጠቅላላ ንባቡ ዓምድ ከሰንጠረዡ ጎን ሊጨመር ይገባል።

ለስረዛ የሚቀሩት ሦስቱንም ጥያቄ የወደቁ ናቸው። አንባቢ የላቸውም፣ ሊንክ የላቸውም፣ ቢታደሱም የሚመልሱት ጥያቄ የለም። ካለፈ ሁለት ዓመት የሆነው የስብሰባ ማስታወቂያ፣ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ዜና፣ ሦስት መስመር ሆኖ የቀረ ጅምር እዚህ ይገባሉ። በምሳሌው ድረ ገጽ ላይ የመጨረሻው ቆጠራ እንዲህ ወጣ፦ 38 ይቆያሉ፣ 27 ይታደሳሉ፣ 15 ተዋሕደው 5 ይሆናሉ፣ 20 ይሰረዛሉ። ከመቶው 70 ገጽ ይቀራል ማለት ነው።

የስረዛው አፈጻጸም ከውሳኔው ያላነሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መጀመሪያ የድረ ገጹ ሙሉ ቅጂ ይቀመጣል። ተመሳሳይ ይዘት ያለው ሌላ ገጽ ካለ አሮጌው አድራሻ 301 በሚባለው ቋሚ ማስተላለፊያ ወደዚያ ይመራል። አፓች በተባለው ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ድረ ገጽ `.htaccess` ውስጥ አንድ መስመር ትበቃለች፦

```
Redirect 301 /hawala-fee /hawala-guide
```

ጎግል ይህ ማስተላለፊያ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ተመሳሳይ ገጽ ከሌለ ደግሞ አድራሻው በግልጽ 404 ወይም 410 ብሎ መመለስ አለበት። ብዙዎች የሚሳሳቱት የተሰረዘውን ሁሉ ወደ መነሻ ገጽ በመላክ ነው። አንባቢው የፈለገውን አጥቶ ግራ ይጋባል፤ ጎግልም ገጹን እንደጠፋ ይቆጥረዋል። በመጨረሻም በቀሩት ጽሑፎች ውስጥ ወደተሰረዙት የሚያመለክቱ ሊንኮች ተፈልገው ይስተካከላሉ።

ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን መለወጥ ውጤቱን ለማወቅ ያስቸግራል። የታደሱት በአንድ ሳምንት፣ የተዋሐዱት በሌላ፣ የተሰረዙት በመጨረሻ ቢሆኑ ለውጡን ያመጣው የቱ እንደሆነ ይለያል። እያንዳንዱ ለውጥ የተደረገበት ቀን በሰንጠረዡ ላይ ይጻፋል። ጎግል ለውጡን ለመመዘን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስድበታል፤ ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ ቁጥሮቹን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ማነጻጸር ይሻላል። የተዋሐደው የሐዋላ ገጽ ከሦስቱ ድምር ያነሰ ጠቅታ ካገኘ፣ ምናልባት ከተጣሉት ክፍሎች አንዱ ሰዎች የሚፈልጉት ነበርና ቅጂው ተከፍቶ ይታያል።

በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ደግሞ ለቀጣዩ ምርመራ ይተዋል። ዋጋ፣ ምንዛሪ፣ ሕግ ወይም የመሥሪያ ቤት አሠራር የሚጠቅሱ ጽሑፎች በየስድስት ወሩ ይነበባሉ፤ ታሪክ ወይም የቤት ውስጥ ሙያ የሚያስረዱት በዓመት አንድ ጊዜ ቢታዩ ይበቃቸዋል። የዲቪው ጽሑፍ ማመልከቻው ከመከፈቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይከለሳል።