ክፉ ሰው የሌለበት ታሪክ፦ ረሃብን ባላንጣ አድርጎ መጻፍ እንዴት ይቻላል?

ስለ ረሃብ በሚጻፉ ብዙ አጫጭር ልቦለዶች ውስጥ አንድ ሌባ የመጋዘን ኃላፊ አይጠፋም። ቦርጫም ነው፣ ስልኩ አያርፍም፣ በሌሊት ስንዴ ያስጭናል። መጨረሻ ላይ ይያዛል፣ ታሪኩም ያልቃል። እውነተኛው ረሃብ ግን እንዲህ አያልቅም። ኃላፊው ታስሮ በማግስቱም ሰው ይራባል።

ታዲያ ባላንጣው ሰው ሳይሆን አሠራር ሲሆን እንዴት ነው የሚጻፈው? እስቲ እዚሁ እኛ ጋ በሆነ ነገር እንየው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ የምግብ እርዳታ በስፋት ወደ ትግራይ መግባት ጀመረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ለተረጂ የመጣው እህል ገበያ ላይ ሲሸጥ ተገኘ፤ ሽራሮ አንዷ ቦታ ነበረች። የአሜሪካው ዩኤስኤይድ እና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለትግራይ የሚሰጡትን ምግብ አቆሙ። ዩኤስኤይድ ይህን በይፋ የተናገረው ሚያዝያ 25 ነው። ሰኔ 1 ላይ ደግሞ እገዳው መላ አገሪቱን ሸፈነ። በሰፊው ተመልሶ የተጀመረው 2016 ገብቶ፣ ታኅሣሥ አካባቢ ነው።

እንግዲህ ክፉው ማነው? የሰረቀ አለ፣ እሱ አያከራክርም። ግን እናቶች ጦማቸውን ያደሩት በሌባው ብቻ ሳይሆን ሌብነቱን ለማስቆም በተወሰደው እርምጃም ጭምር ነው። እርምጃውን የወሰደው ሰው ደግሞ ምክንያት አለው፤ የሚሰረቅ እህል መላክ አልችልም ይላል። ክርክሩ ስህተት ነው ማለት ይቻላል፣ ክፋት ነው ማለት ግን ይከብዳል። ለጸሐፊ ወርቅ የሆነው ቦታ እዚህ ጋ ነው።

አሁን ታሪኩን እንሥራው። ገጸ ባህሪያችንን ለተብርሃን እንበላት። ከምዕራብ ትግራይ ተፈናቅላ ቁሓ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከአራት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ሙሉ የሚባለው ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ስንዴ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ክክ እና ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ነበር። ለአምስት ሰው ሲሆን ስንዴው 75 ኪሎ ይመጣል።

ግን ስንዴ ጥሬውን አይበላም። ወፍጮ ቤት ብር ይፈልጋል። ጨው፣ በርበሬ፣ ሳሙና፣ ማገዶ በስንዴ አይገዙም። ስለዚህ ለተብርሃን ከ75ቱ ኪሎ 15ቱን ትሸጣለች። ይሄ ፈጠራ አይደለም፤ እርዳታ በሚታደልበት አገር ሁሉ ተረጂው ከራሽኑ ቆንጥሮ ይሸጣል።

እሷ የሸጠችው 15 ኪሎ ገበያ ላይ ከተሰረቀው ኩንታል አጠገብ ቁጭ ይላል። ጆንያው አንድ ዓይነት ነው፣ የታተመበትም ጽሑፍ ያው ነው። የሚያጣራው ሰው መጥቶ ሲያይ ሁለቱም “ገበያ ላይ የተገኘ የእርዳታ እህል” ናቸው። ልጆቿን ለማብላት ያደረገችው ብልህ ነገር፣ እህሉን ለሚያስቆመው ወረቀት አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ባላንጣችሁ አሠራር ከሆነ የሚመታው በዚህ መንገድ ነው። ጥፊ አያነሳም፣ ዋናዋ ገጸ ባህሪ በራሷ እጅ እንድትጎዳ ያደርጋል። ይህን አንድ ትዕይንት ካገኛችሁ ታሪኩ ግማሹ ተጽፏል።

ቀጥሎ ጊዜ ነው። ሰው የሆነ ባላንጣ ያሳድዳል፣ ይዝታል። አሠራር ግን ዝም ብሎ ቀን ይቆጥራል። በመጀመሪያው ወር ለተብርሃን ከጎረቤት ትበደራለች። በሁለተኛው አበዳሪዋም ራሷ ያው ራሽን ጠባቂ ስለሆነች ብድሩ ይደርቃል፣ ብርድ ልብሱ ይሸጣል። በሦስተኛው ትልቁ ልጅ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ ግን እንደሱ የወጣው ብዙ ነው፣ የቀን ክፍያው ይወርዳል። አያችሁ፣ ማንም ምንም አላደረገም። ነገሩ ግን በየወሩ ብሷል። እያንዳንዱን ወር የተለየ ምርጫ ስጧት፣ ምርጫውም የሆነ ነገር ያስከፍላት። ምርጫ የሌላት ከሆነ አንባቢው ያዝንላታል እንጂ አብሯት አይጨነቅም።

ባላንጣው ድምፅ ይፈልጋል፣ እሱን የሚያውሱት ደግሞ ቢሮ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ሰዎች ናቸው። መዝጋቢው ለወራት ደመወዝ ያልተከፈለው ወጣት ይሁን፤ ጨዋ፣ የደከመው፦

— አደይ፣ ስምዎ አለ እኮ።
— ካለ ስጠኛ ልጄ።
— ስምዎ ነው ያለው፣ እህሉ የለም።
— መቼ ነው የሚመጣው?
— ማጣራቱ ሲያልቅ።
— ማነው የሚያጣራው?
— እሱ ከላይ ነው።

(“ከላይ” የምትለዋን ቃል አደራ እንዳትጥሏት። ከእኛ አገር ቢሮ ውስጥ እንደሷ ሁሉንም በር የምትዘጋ ቃል የለችም።)

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ይሳሳቱና መዝጋቢውን ያሰድቡታል፣ ያስጮሁታል። ከዛ አንባቢው የሚጠላው ሰው ያገኝና ይገላገላል። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ሰውየውን በሐሳባችሁ ቀይሩት። በእሱ ቦታ ደግ ሰው ብታስቀምጡ ለተብርሃን እህል ታገኛለች? ካገኘች ባላንጣችሁ መዝጋቢው ነው፣ ረሃብን አልጻፋችሁም። ካላገኘች ትክክል ናችሁ።

ይሄ ማለት ግን ሥርዓቱ የሰው ፊት አይኑረው ማለት አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁን “ፍቅር እስከ መቃብር” ያነበበ ፊታውራሪ መሸሻን አይረሳም። ገበሬዎቹ አምፀው ፊታውራሪውን ይማርካሉ፤ ሆኖም ሰብለና በዛብህን የለያየው የዘርና የማዕረግ ነገር በእሱ መማረክ አይፈርስም። ፊታውራሪው የሥርዓቱ ፊት ነው እንጂ ሥርዓቱ እሱ አይደለም።

ሌላው የማይታለፍ ነገር፣ ባላንጣችሁ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አለባችሁ። “ረሃብ ጥርሱን አሹሎ መጣ” ዓይነት ዓረፍተ ነገር የሚጻፈው አሠራሩ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። አማርትያ ሴን የሚባለው የኢኮኖሚ ምሁር የ1965ቱን የወሎ ረሃብ አጥንቶ ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ወሎ እየተራበ ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው ከብቱና ሰብሉ ሲያልቅ የሚገዛበት ገንዘብ አጣ፣ እህል ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። አስቡት፣ በረሃብተኛ ፊት እህል የጫነ መኪና ወደ ሌላ ከተማ ሲያልፍ! ሾፌሩ ክፉ አይደለም፣ ነጋዴውም ሕግ አልጣሰም። እንዲህ ያለውን ትዕይንት የምታገኙት አሠራሩን ካወቃችሁ ብቻ ነው።

አጨራረሱስ? አሠራር አይሞትም፣ ስለዚህ የድል ትዕይንት አትፈልጉ። በእውነቱም የሆነው እርዳታው መመለሱ ነው፤ አዲስ ምዝገባ፣ አዲስ ዝርዝር፣ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ይዞ። እኔ ብሆን ለተብርሃንን እዚያ ሰልፍ ላይ አቆማታለሁ። ያው መዝጋቢ ነው፣ ቅጹ ብቻ ተቀይሯል። “የቤተሰብ ብዛት?” ይላታል። “አራት” ትላለች። አምስተኛው ሰው ሞተ ይሁን ተሰደደ እሱ አይጠይቅም፤ ቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን ቦታ የለም። አራት ብሎ ይጽፍና ቀጣዩን ይጠራል።