የዳኞች የነጥብ ወረቀት፤ አንደበትና ሒሳብ



የንግድ ዕቅድ ውድድር ለአገራችን እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ያስጀመረውና «ብሩህ» የሚባለው ውድድር ወጣቶችን ከየክልሉ እየጠራ በዳኞች ፊት አቁሟል። የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ለዳኝነት መጠራታቸው ተለምዷል። ዛሬ የምናገረው ስለ ተወዳዳሪው ሳይሆን ዳኛው በእጁ ስለሚይዘው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓምድ አለው፤ አንደኛው የአቀራረብ፣ ሁለተኛው የገበያ ዕውቀት፣ ሦስተኛው የሒሳቡ እውነተኛነት ነው። ዓምዶቹ መከፈላቸው ብቻ ግን ፍርዱን አይከፍለውም። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ መርምሮ፣ በአንድ ጠባይ የተወደደ ሰው በሌላውም ሁሉ ከፍ ያለ ነጥብ እንደሚያገኝ አሳይቷል። በውድድር አዳራሽም እንዲሁ የአንደበት ጥላ በሒሳቡ ዓምድ ላይ ያርፋል።

በአሶሳ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ ከተወዳዳሪዎቹ ግን በርታኛ፣ ጉሙዝኛ ወይም ሺናሽኛ አፋቸውን የፈቱ አሉ። ዳኛው ካልተጠነቀቀ ዕቅድን የመዘነ እየመሰለው አማርኛን ይመዝናል።

ለምሳሌ ያህል በአሳብ ሁለት ተወዳዳሪዎችን በአሶሳ አዳራሽ እናቁም። አንደኛው ማንጎ አድርቆ አዲስ አበባ ሊሸጥ ያሰበ፣ አነጋገሩ የሚማርክ ወጣት ነው። ሁለተኛይቱ የቀርከሃ ወንበር የምትሠራ፣ በዝግታና በተቆራረጠ አማርኛ የምትናገር ሴት ናት።

የወጣቱ ዕቅድ ከ100 ኪሎ ማንጎ 30 ኪሎ ደረቅ ማንጎ አገኛለሁ ይላል። ፍሬውን በኪሎ 20 ብር ገዝቶ ደረቁን በኪሎ 400 ብር ይሸጣል እንበል፤ ለሠራተኛ፣ ለማሸጊያና ለመጓጓዣ ደግሞ 2,500 ብር ያወጣል። በወረቀቱ ላይ ገቢው 12,000 ብር፣ ወጪው 4,500 ብር ስለሆነ ትርፉ 7,500 ብር ነው። ነገር ግን ከ100 ኪሎ ማንጎ ልጣጩና ዘሩ ሲወጣ ሥጋው 60 ኪሎ ያህል ይቀራል፤ ከዚህም ከአምስት እጅ አራቱ እጅ ውሃ ነው። ስለዚህ የሚደርቀው 10 ኪሎ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። 10 ኪሎ ብንል ገቢው 4,000 ብር ሆኖ ትርፍ የተባለው 500 ብር ኪሣራ ይሆናል። ሽያጩን ለዐሥራ ሁለቱም ወር እኩል አድርጎ ጽፎ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምልክት ነው፤ ማንጎ ወቅት አለውና በሌላው ወራት ምን እንደሚሸጥ መጠየቅ ይገባል።

ሴቲቱ በበኩሏ ሦስት ወንበር ሸጣ ማን እንደገዛት፣ በስንት እንደገዛትና ማን ተመልሶ እንደመጣ በደብተር ይዛለች። የገበያ ዕውቀት የሚባለው ይህ ነው። «ማንጎ የማይወድ የለም» የሚል ከአምስት አንድ ነጥብ ይበቃዋል፤ ባለሱቆችን ጠይቆ ዋጋ የመዘገበ ሦስት፣ ሸጦ የፈተነ አምስት ያገኛል። ይህ ትርጉም አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ የአንዱ ዳኛ ሦስት የሌላው አራት ይሆናል።

እንግዲህ ለአቀራረብ 20፣ ለገበያ 40፣ ለሒሳብ 40 ከመቶ ተመድቧል እንበል። ወጣቱ በትክክል ሲመዘን አምስት፣ ሁለትና አንድ ነጥብ ይገባዋል፤ ድምሩ 44 ነው። ሴቲቱ ሦስት፣ አራትና አራት አግኝታ 76 ትሆናለች። አንደበቱ ያስደነቀው ዳኛ ግን ለወጣቱ በገበያም በሒሳብም አራት አራት ቢሰጠው 84 ደርሶ ያሸንፋል። የአቀራረቡን ድርሻ ወደ 20 ማሳነስ ብቻውን እንዳላዳነ ልብ ይሏል።

የሚያድነው ቅደም ተከተሉ ነው። ዳኞች ተወዳዳሪው ከመግባቱ በፊት የሒሳቡን ገጽ አንብበው ነጥባቸውን በቀለም ይጻፉ፤ በነጥቡም አጠገብ ምክንያቱን በአንድ መስመር ያኑሩ። ከንግግሩ በኋላ ነጥቡን መለወጥ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን የቀድሞው ሳይፋቅ፣ የተሰማው አዲስ ማስረጃ ተጠቅሶ ይሁን። በአቀራረብ ዓምድም የሚመዘነው ሰምተን ዕቅዱ ገብቶናል ወይ የሚለው ነው እንጂ የቃላት ውበት አይደለም፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ለጠየቀ መፍቀድ ነጥብ አያስቀንስም፣ ጊዜው ብቻ ይታሰብለታል።

ሁለት ዳኞች በአንድ ዓምድ በሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ ቢለያዩ፣ ድምሩ ከመዘጋቱ በፊት የጻፉትን ምክንያት ለየብቻ ያንብቡ። አማካዩን ወስዶ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም፣ አንደኛው ያየውን የማድረቂያ ስሕተት ሌላኛው አላየው እንደሆነ አማካዩ ስሕተቱን ይሸፍነዋል። ተወዳዳሪዎች በዝተው ዳኞች በሁለት ክፍል ሲከፈሉማ ጉዳቱ ይብሳል፤ ጨካኝ ዳኞች ያሉበት ክፍል የገባ በዕጣ ብቻ ይወድቃልና። በዚህ ጊዜ ከየክፍሉ አንደኛ የወጡትን በጠቅላላው ድምር ሳይሆን በአንድነት እንደ ገና ሰምቶ መወሰን ይሻላል፤ ለዚህም የግማሽ ቀን ጊዜ አስቀድሞ በመርሐ ግብሩ ውስጥ መያዝ ይኖርበታል።