ገጹ ከመገለጡ በፊት

ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ የሚሆን ረቂቅ እንዲያነብ የተሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመልሰው አስተያየት አንድ ነው፤ «ጥሩ ነው፣ ቃላቱ ግን ለልጅ ይከብዳሉ»። ደራሲው በዚህ አስተያየት ምን ሊያደርግ ይችላል? የትኛው ቃል ነው የከበደው? ለስንት ዓመት ልጅ? የሥዕል መጽሐፍ እኮ እንደ ልቦለድ ብቻን ተቀምጦ የሚነበብ አይደለም። አዋቂው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ልጁ ሥዕሉን እያየ ያዳምጣል፣ ገጹን ለመግለጥ የሚጣደፈውም አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ነው። ረቂቁም መመዘን ያለበት በዚሁ አኳኋን ነው።

በምሳሌ እንየው። የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ለዚህ ጽሑፍ ብዬ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ረቂቅ የሚያርም ሰው ግን ወንድሞቹን በየጊዜው ያገኛቸዋል።

«ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ውብ መንደር ውስጥ ከወላጆቿና ከአያቷ ጋር ትኖር የነበረችው የስድስት ዓመቷ ማርታ በጣም የምትወዳትና ሁልጊዜ በእጇ እየመገበች ያሳደገቻት ነጭ ጫጩት ድንገት በመሰወሯ ምክንያት በከፍተኛ ሐዘን ተዋጠች።»

29 ቃላት ናቸው። ማርታ የምትመጣው 15ኛው ቃል ላይ ነው፤ ጫጩቷ 23ኛው ላይ። ምን እንደተፈጠረ የምንሰማው መጨረሻ ላይ ነው። በአማርኛ ግሱ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል፣ ገላጩም ከሚገልጸው ስም ይቀድማል። አዋቂ አንባቢ ዓይኑ ቀድሞ ስለሚሮጥ ይህ አያስቸግረውም። የሚያዳምጥ የአራት ዓመት ልጅ ግን መንደሩን፣ ወላጆቹን፣ አያትየውንና ዕድሜውን ሁሉ ተሸክሞ፣ የማን እንደሆኑ ሳያውቅ፣ እስከ ማርታ ድረስ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ እዚህ ላይ «ቃላቱ ይከብዳሉ» ማለት ስህተት ነው። ከ«መሰወር» በቀር ልጁ የማያውቀው ቃል እምብዛም የለም። የከበደው አሰካኩ ነው።

ያው ሐሳብ እንዲህ ቢባልስ? «ማርታ ጫጩት ነበረቻት። ነጭ ጫጩት። ጠዋት ጠዋት በእጇ ጥሬ ታበላታለች።» የስድስት ዓመት ልጅ መሆኗን፣ መንደሩ ውብ መሆኑን ሠዓሊው ይነግረናል። ሐዘኗንም ቢሆን ፊቷ ላይ እናየዋለን። በሥዕል የሚታይን ነገር በቃል መድገም የጀማሪ ረቂቅ ትልቁ ሸክም ነው፤ አስተያየት ሰጪም እርሳሱን መጀመሪያ የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ቢሆን ይበጃል።

እውነተኛው የቃላት ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማርታ ጫጩቷን ስትፈልግ ሌማት ትከፍታለች፣ ጎተራ ሥር ታጎነብሳለች እንበል። በኮንዶሚኒየም ያደገ የአዲስ አበባ ልጅም፣ ዋሽንግተን አካባቢ የተወለደ የሐበሻ ልጅም «ጎተራ» የሚለውን ቃል ላያውቅ ይችላል። ይውጣ? እኔ አይውጣ ባይ ነኝ። ጎተራው ሥዕሉ ላይ ቆሟል፣ የምታነበው እናትም በጣቷ ታሳየዋለች፤ ልጁ አንድ ቃል ተማረ ማለት ነው። መውጣት ያለባቸው ሥዕል የማይደርስላቸውና ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የመጡ የሚመስሉት ናቸው፤ «በመሆኑም»፣ «ከዚህ በተጨማሪ»፣ «በከፍተኛ ሁኔታ»።

ልጁ ራሱ ፊደል እየቆጠረ እንዲያነበው የታሰበ መጽሐፍ ከሆነ ሚዛኑ ይለወጣል። ዶክተር ሱስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው ቴዎዶር ጋይዘል በ1957 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ባለ ኮፍያው ድመት 236 የተለያዩ ቃላት ብቻ አሉት። ቃላቱ የተገደቡት መጽሐፉ ማንበብ ለሚጀምሩ ልጆች ስለተጻፈ ነው። ብዙ አስተያየት ሰጪዎች ይህን መለኪያ ወስደው አዋቂ በሚያነበው መጽሐፍ ላይ ይጭኑታል፤ ጽሑፉም ደርቆ ይቀራል። ደራሲውን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «አንባቢው ማነው?» ብለን ነው።

አሁን ወደ ገጹ እንምጣ። የሥዕል መጽሐፍ በብዙ አገር 32 ገጽ የሚሆነው በማተሚያ ቤት ምክንያት ነው፤ ትልቁ ወረቀት ከታተመ በኋላ ሲታጠፍ የሚወጣው በስምንትና በአሥራ ስድስት ብዜት ነው። የርእስና የአሳታሚ መረጃ መጀመሪያ ላይ ሦስት ገጽ ቢወስዱ ታሪኩ ከገጽ 4 ይጀምራል። እስከ 31 ድረስ 14 ጥንድ ትይዩ ገጾች ይገኛሉ፣ ገጽ 32 ደግሞ ለብቻው ይቀራል። ደራሲው በኮምፒውተር ላይ ሲጽፍ ይህ አይታየውም። አስተያየት ሰጪው ስምንት ኤ4 ወረቀት ደራርቦ፣ መሐል ለመሐል አጥፎና በስቴፕለር መትቶ ባለ 32 ገጽ ባዶ ደብተር ይሥራ፤ በሙያው ዳሚ የሚባለው ይህ ነው። ጽሑፉን በመቀስ እየቆረጠ በየገጹ ይለጥፍበት።

የማርታን ታሪክ እንዲህ ስንለጥፈው ጉዱ ይወጣል። አምስተኛው ጥንድ ገጽ ላይ 140 ቃል ተከምሯል፣ ስድስተኛው ላይ 20 ብቻ አለ። እናት አምስተኛውን ስታነብ ልጁ ከአንድ ደቂቃ በላይ አንዱን ሥዕል እያየ ይቀመጣል፤ ገጹን ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ «ቆይ፣ አልጨረስኩም» ይባላል። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ገጽ 12 ላይ «ጫጩቷ የት ገባች?» የሚል ጥያቄ አለ፣ መልሱ ገጽ 13 ላይ ፊት ለፊት ተሥሏል። ሁለቱ ገጾች በአንድ ጊዜ ስለሚታዩ ልጁ ጥያቄውን ሳይሰማ መልሱን አይቶታል። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ የሚጠበቅ ነገር ሁሉ በቀኝ ገጽ ግርጌ ማለቅ አለበት፤ መልሱ ከተገለጠ በኋላ ይምጣ።

ግሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ መሆኑ፣ ቅድም ያስቸገረን ጠባይ፣ እዚህ ላይ ሀብት ይሆናል። ረቂቁ «ማርታ በአያቷ ጋቢ ውስጥ ተደብቃ የነበረችውን ጫጩት አገኘቻት» ይላል። መደበቂያው ከመገኘቷ በፊት ተነገረና ታሪኩ ተቃጠለ። ይልቅ በቀኝ ገጽ ላይ «ከአባባ ጋቢ ሥር አንድ ነገር…» ብለን እናቁም። ገጹ ይገለጥ፤ «ተንቀሳቀሰ!» እዚህ ላይ «ተንቀሳቀሰች» ብንል ግሱ ራሱ ጫጩቷን ያጋልጣታል፤ «ተንቀሳቀሰ» ስንል ግን ድመትም፣ አይጥም ሊሆን ይችላል። ይህን ዓይነት አቆራረጥ የምመክረው በመጽሐፉ ውስጥ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። የተንጠለጠለው ክፍልም ከአምስት ከስድስት ቃል ካለፈ አንባቢዋ ድምፅዋን በምን ከፍታ እንደምታቆም ይጠፋታል።

የገጽ ምት ማለት ሁልጊዜ ማንጠልጠል አይደለም። ሞሪስ ሴንዳክ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ማክስና ስለ አውሬዎቹ በሚያወራው መጽሐፍ ውስጥ ጭፈራው ሲጦፍ ሦስት ተከታታይ ጥንድ ገጾች ያለ አንዲት ቃል ያልፋሉ። አንባቢው ዝም ይላል፣ ልጁ ይጫወታል። ለማርታ ደራሲም ከአስተያየቶቻችን አንዱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «ማርታና አባባ ጫጩቷን ግቢው ውስጥ ሲያባርሯት ጽሑፉን በሙሉ አውጣው፤ ለሠዓሊው አንድ መስመር ማስታወሻ ይበቃል።»

የሚቀረው ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ይህን ደራሲው እንዲያደርገው አይጠየቅም፤ ጽሑፉን በቃሉ ስለሚያውቀው አይደናቀፍም። ረቂቁን አይቶት ለማያውቅ ሰው፣ ምንም ሳይነግሩ፣ ሰጥቶ ማስነበብና እርሳስ ይዞ አጠገቡ መቀመጥ ነው። የቆመበት፣ የተመለሰበት፣ ትንፋሽ ያጠረው ቦታ ላይ ምልክት ይደረጋል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሳያውቀው የለወጠው ቃል ነው። «ይህንን» የተጻፈውን «ይሄን» ካለ፣ «በመሰወሯ ምክንያት» የሚለውን «ስለጠፋች» ብሎ ካለፈ፣ አፉ እርማቱን ሠርቶልናል።

በአማርኛ አንድ ልዩ ወጥመድ አለ፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ረቂቁ መጀመሪያ ላይ «ማርታ ነጭ ጫጩት አለቻት» ቢል፣ ለ ሲጠብቅ ጫጩት እንዳላት ይነግረናል። ሲላላ ግን ማርታ አንዲትን ሴት «ነጭ ጫጩት» ብላ ጠራቻት ማለት ነው! በዚያው ገጽ ላይ ደግሞ ማርታ እናቷን «እማዬ፣ ጫጩቴን አየሻት?» አለቻት የሚል ካለ፣ አንዲት የደከማት እናት ማታ ላይ አንዱን በሌላው አንብባ መመለሷ አይቀርም። ቅድም «ነበረቻት» ያልኩት ለዚህ ነበር። ገና፣ ዋና፣ ይበላል የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ልብ ወለድ ላይ ዐውዱ ያድነናል፤ ሦስት ቃል ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ዐውዱ ገና አልመጣም። ስለዚህ አስተያየት ሰጪው እነዚህን ቃላት አክብቦ «ሁለት ዓይነት ይነበባል» ብሎ በኅዳጉ ላይ ይጻፍ።

ሌላው ከትምህርት ቤት የመጣ ልማድ ነው። ድርሰት ስንጽፍ ቃል አትድገሙ እየተባልን አድገናል። የማርታም ደራሲ «ጫጩቷ የት ገባች?» ብሎ ጀምሮ ቀጥሎ «ወዴት ተሰወረች?» ከዚያም «ምን ዋጣት?» እያለ ይለዋውጣል። ጆሮ ግን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መቀበል የለመደ አድማጭ ተራው ሲደርስ የሚለው ነገር ይሻል። ጥያቄው ሳይለወጥ ከተደገመ በሦስተኛው ላይ ልጆቹ ከአንባቢዋ ቀድመው ይሉታል። በልጆች ፊት ሲፈተንም «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ልጅ ለአስተማሪው «አዎ» ነው የሚለው። ዓይናቸው ከገጹ የተነሣው የት ላይ እንደሆነ፣ አብረው የጮኹት የት ላይ እንደሆነ መመዝገብ ይሻላል።

ገጽ 32 ቀረን። ረቂቁ እዚያ ላይ «ልጆች፣ ንብረታችንን በጥንቃቄ መጠበቅ እንዳለብን ከዚህ ታሪክ እንማራለን» ይላል። ይህ ይውጣ። ታሪኩ ገጽ 31 ላይ ካለቀ በኋላ አንድ ገጽ መግለጥ ይቀራል፣ ያም ለልጁ የቀረ አንድ ጨዋታ ነው። እኔ ለደራሲው የምጽፍለት ማስታወሻ ይህ ነው፤ «አባባ ግቢው መሐል ቆመው ‹መነጽሬስ የት ገባ?› ይበሉ። መልሱን አትጻፈው። መነጽሩ አናታቸው ላይ እንዲሣል ለሠዓሊው ንገረው።»